ወንድሜ ጉሮሮውን ካመመው 5 ቀኑ ነው፣ አሁን ለሃጩን መዋጥ አቃተው። እስኪነጋ ልጠብቅ?

የጣርማ በር ልጅ — ማክሰኞ ማታ 2:40

እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ልጅ ነው፣ ሌላ በሽታ የለበትም። ዓርብ ዕለት ጉሮሮዬን አመመኝ አለ። ቅዳሜ ትኩሳት መጣበትና ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዛንለት። ሁለት ቀን ወስዶ እሑድ ሻል ሲለው አቆመ። ትናንት ግን እንደገና ባሰበት፣ ዛሬ ደግሞ ከሁሉም ቀን ይብሳል።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። ምራቁን አይውጥም፣ ጣሳ ይዞ ቁጭ ብሎ እየተፋ ነው፣ ካልተፋው በአፉ ጥግ ይፈሳል። ሲያወራ ትኩስ ገንፎ አፉ ውስጥ ይዞ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ስልክ ያነሣችው እህታችን ማን እንደሆነ አላወቀችውም። ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፣ ውኃ ሲሞክር በአፍንጫው ተመለሰ።

እናቴ እንጥሉ ነው የወረደው፣ ነገ ቆራጭ ይጠራለት ትላለች። የዳማከሴ ጭማቂም አዘጋጅታ እንቢ ብሏታል። እኛ ያለነው ከጣርማ በር ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ጤና ጣቢያ አለ፣ ደብረ ብርሃን ግን ዳገቱን ወጥቶ ነው፣ ማታ ደግሞ ጉሙ መንገድ አያሳይም። እስኪነጋ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልሂድ?

---

ቡና ጠጪው — 2:51

እህቴ አትደንግጪ፣ ቶንሲል ነው። እኔ በየክረምቱ ይይዘኛል፣ አልውጥ ያለኝ ቀን ስንት ነው። ጥፋቱ መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው። የቶንሲል መድኃኒት ሻል ቢልህም የታዘዘልህ ሁሉ ይጨረሳል፣ አለበለዚያ ወደ ልብ ይሄዳል። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ ሲነጋ ይነሣል። እስከዚያ ለብ ባለ ውኃ ጨው አሟሙታችሁ ይጉመጥመጥ፣ ፓራሲታሞል ይዋጥ። በሌሊት ጉም ውስጥ መኪና መንዳት ከቶንሲሉ የባሰ ያስፈራኛል።

---

እሙ ሁለት — 2:58

እኔም የቶንሲል ጥያቄ አለኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው። ቶንሲሏ ትልቅ ነው አሉኝ። ይቆረጥላት ወይ? ያስቆረጣችሁ ንገሩኝ።

---

ተረኛ ነኝ — 3:04

የጣርማ በር ልጅ፣ ጤና መኮንን ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል 8 ዓመት ሠርቻለሁ። ሦስት ነገር ዕዪልኝና ቶሎ ጻፊልኝ።

አንደኛ፣ አፉን ምን ያህል ይከፍታል? የራሱን ጣቶች ደራርቦ በፊት ጥርሶቹ መሃል ያስገባ፤ ጤነኛ ሰው ሦስት ያህል ጣት ያስገባል። ሁለተኛ፣ በከፈተው ልክ ብቻ በስልክ መብራት ዕዪው፤ እንጥሉ መሃል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ተገፍቷል? ሦስተኛ፣ አየር ሲያስገባ ድምፅ አለው ወይ? ማንኮራፋት የሚመስል ወይም ፉጨት፣ ነቅቶ ቁጭ ባለበት ማለቴ ነው።

ማንኪያ አፉ ውስጥ አታስገቢ። በጣትም አትንኪው። አስገድዳችሁም አታስተኙት።

ቡና ጠጪው፣ መድኃኒት አታቋርጡ ያልከው ልክ ነው፣ ስለ ልቡም እውነት አለህ። ነገር ግን የልቡ ነገር ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ይሄ ልጅ ጣሳ ይዞ የሚተፋው የዛሬ ማታ ነው። ቶንሲል ሲያምህ ምራቅህን እያማረርክ ትውጠዋለህ፣ እሱ ግን መዋጥ አቅቶት እያፈሰሰው ነው። የፔኒሲሊን መርፌ ደግሞ ለዚህ አይበቃም፣ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

---

የጣርማ በር ልጅ — 3:15

አመሰግናለሁ ዶክተር። አንድ ጣት ብቻ ገባ፣ እሱም በጭንቅ፣ መንጋጋው ተቆልፏል ማለት ይቻላል። በስልክ መብራት ያየሁት በስተቀኝ ከላይ በኩል አብጦ ቀልቷል፣ እንጥሉ ወደ ግራ ተጋድሟል። ቀኝ ጆሮዬንም ያመኛል ይላል። ሲተነፍስ ድምፅ አልሰማሁም። ግን መተኛት አይፈልግም፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ጎረቤታችን ለኮሮና ጊዜ የገዛችው የጣት ኦክስጅን መለኪያ አላት፣ 96 አሳየ። ይሄ ጥሩ አይደል?

---

ነጭ ጋቢ — 3:19

ልጄ፣ እናትሽ የምትለውን አትናቂ። እንጥል ሲወርድ እንዲህ ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ድምፅ ይለወጣል። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው እያስቆረጥን ነው፣ አንድም አልሞተብኝም። አለበለዚያም ጆሮ ደግፍ ይሆናል፣ ጆሮዬን ብሏል።

---

ተረኛ ነኝ — 3:31

የጣርማ በር ልጅ፣ ተነሡ፣ ዛሬ ማታ ይሂድ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ለእናትሽም አንብቢላቸው።

የጻፍሽው በአንድ ላይ ሲመጣ ስሙ የታወቀ ነው፤ በቶንሲሉ ጀርባ መግል ተቋጥሯል። መጀመሪያ ተራ ቶንሲል ነበረ፣ መድኃኒቱ ሲጀመር ጋብ አለ፣ ሲቋረጥ ተመለሰና በአንድ ወገን ብቻ መግሉ ተጠራቀመ። ሕመሙ በሁለቱም በኩል መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ማድላቱ፣ የዚያው ጎን ጆሮ ማመሙ፣ እንጥሉ ከእብጠቱ ሸሽቶ ወደ ማዶ መጋደሙ ከዚያ ነው። መንጋጋው የተቆለፈው ማኘኪያ ጡንቻው ከመግሉ አጠገብ ስለሆነና ስለተቆጣ ነው። ገንፎ የያዘ የሚመስለው ድምፅም ከዚያው ነው። ልብ በሉ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፁ ይሻክራል፤ የእሱ ግን አልሻከረም፣ ታፈነ። ሁለቱ ይለያያሉ። ሲሻክር ችግሩ ድምፅ አውታሩ ላይ ነው፣ ሲታፈን ግን ከዚያ በላይ ያለው ቦታ በአንድ ነገር ተሞልቷል ማለት ነው።

እንግዲህ እማማ እንጥሉን አይተዋል፣ ያዩትም እውነት ነው። እንጥሉ ቦታውን ለቋል። ነገር ግን የለቀቀው ተገፍቶ ነው። ገፊውን ትተን የተገፋውን ብንቆርጥ መግሉ እዚያው ይቀመጣል፣ በላዩ ላይ የሚደማ ቁስል እንጨምርበታለን። ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ደም ጉሮሮው ውስጥ ሲወርድበት ምን ያደርገዋል? ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። በቆራጭ ቢላዋ ደምተው የመጡ ሕፃናት ተቀብያለሁ፣ ስለዚህ በዚህ ላይ አልለዝብም። ነጭ ጋቢ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከውጭ ነው፣ ጉንጭና ከጆሮ ሥር፣ ፊትን ያሰፋል። እንጥል አይገፋም።

96 ላይ ላሰምርበት። አትተማመኚበት። መለኪያው የሚነግርሽ ደሙ ውስጥ ያለውን አየር እንጂ መንገዱ ምን ያህል እንደጠበበ አይደለም። ወጣት ሰው መንገዱ ሲጠብበት በኃይል እየሳበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ይቆያል፤ ቁጥሩ መውረድ የሚጀምረው ሲደክም ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ደቂቃዎች ናቸው የሚቀሩት። ከቁጥሩ ይልቅ አንገቱ ሥር ያለችውን ጉድጓድ ተመልከቺ፤ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የምትሰረጉድ ከሆነ፣ ሲስብ ድምፅ ካወጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ መጨረስ ካቃተው፣ ወይም መቁነጥነጥና ማላብ ከጀመረ ቀዳሚው ነገር አየሩ ሆነ ማለት ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን አትበሉ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ካለው እዚያ ግቡ።

አሁን ድምፅ የለውም ስላልሽ ግን እንዲህ አድርጉ። ጤና ጣቢያው ሂዱ፣ የመጀመሪያውን መርፌና ፈሳሽ በደም ሥሩ ይስጡት፣ ሪፈር ጽፈው አምቡላንስ ይጥሩ። 907 መደወልም ትችላላችሁ። መግሉ መውጣት ስላለበት መጨረሻው ሆስፒታል ነው፣ አንገት በላይ ሐኪም ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ቅድም የፔኒሲሊን መርፌ አይበቃም ያልኩት ለዚህ ነው፤ መድኃኒት በደም ነው የሚጓዘው፣ የተቋጠረ መግል ውስጥ ግን ደም አይገባም።

በመኪና ቁጭ ብሎ ይሂድ፣ ራሱ የመረጠውን አቀማመጥ አትቀይሩበት። ጣሳውን ይያዝ። ከእንግዲህ የሚበላም የሚጠጣም አይሰጠው፣ ዳማከሴም ማርም። ምናልባት ማደንዘዣ ያስፈልገው ይሆናል፣ ከዚያም በላይ ትንታው ያሰጋኛል።

---

ቡና ጠጪው — 3:38

እሺ፣ መንጋጋው መቆለፉን አላየሁም ነበር። ግን ልጠይቅ፣ እኔ ድሮ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖብኝ ሌሊት በራሱ ፈርጦ መግሉን ተፍቼ ድኛለሁ። የሚፈርጥ ከሆነ ቢጠብቅስ?

---

ተረኛ ነኝ — 3:42

ነቅተህ ቁጭ ብለህ ፈርጦልህ ከሆነ እድለኛ ነህ። እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚፈርጥበት አለ፣ ያኔ መግሉ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ አንገት የሚሰርግም አለ፤ ከዚያ በደረት በኩል ይወርዳል። የትኛው እንደሚሆን ከውጭ አይታወቅም።

---

የጣርማ በር ልጅ — 3:44

ጎረቤታችን መኪናውን አውጥቶልናል፣ እየወጣን ነው። እናቴ ጋቢዋን ደርባ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ዳማከሴውን ግን በጠርሙስ ይዛዋለች። ጸልዩልን።

---

ሻርጃ ነኝ — 4:10

እግዜር ይርዳችሁ። የኔን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ይጠቅማል። እኔ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት በአንድ ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ፣ ማታ ላይ ምራቄ አልወርድ አለ። እመቤቲቱ አፌን ከፍታ በመብራት አየችኝና ምንም የለብሽም፣ ንጹሕ ነው፣ ሥራ ላለመሥራት ነው አለች። እውነትም አፌ ይከፈታል፣ ቶንሲሌ አላበጠም፣ ቅላትም የለው። ሕመሙ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ምላጭ የተሰካ ያህል ነው። ስተኛ ታፈንኩ፣ ትራስ አቅፌ ወደ ፊት ተደፍቼ አደርኩ።

ሌሊት ሾፌሩ የአገሬ ልጅ ነው፣ ድምፄን ሲሰማ ደነገጠና 998 ደወለ። ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብቶ አየ። ከምላስ ሥር የአየር ቧንቧውን የምትከድን ነገር አለች፣ እሷ አብጣ ክብ ሆናለች አለኝ። ሁለት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛሁ። ቧንቧ ሳያስገቡልኝ በመድኃኒቱ ዳንኩ፣ ተመስገን። እና እላችኋለሁ፣ አፍ ንጹሕ ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

---

ተረኛ ነኝ — 4:22

ሻርጃ፣ ያልሽው ከኔ ሁሉ ይበልጣል። የወንድሟ መግል ቢያንስ ይታያል፤ ያንቺ ከምላስ ጀርባ ተደብቆ ስለነበር በመብራት አይገኝም። በአዋቂ ላይ የሚያታልለንም ይሄ ነው። ጉሮሮው ሲታይ ደህና፣ ሕመሙ ግን ከሚታየው ጋር የማይመጣጠን፣ ከዚያ ለሃጭና የታፈነ ድምፅ። እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ መመለስ ስህተት ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩ ዓመት አንዷን ፓራሲታሞል ሰጥቼ መልሻት ነበር፤ ሌሊቱን ባልዋ መልሶ አመጣት። ተርፋለች፣ እኔ ግን አልረሳኋትም።

---

የታሪክ ተማሪ — 4:35

ሻርጃ የጻፈችውን ሳነብ ጆርጅ ዋሽንግተን ትዝ አለኝ። የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት፣ 1799 ታኅሣሥ 14 በፈረንጅ። ሌሊት በጉሮሮ ሕመም ነቃ፣ ድምፁ ታፈነ፣ መዋጥ አቃተው። የሸንኮራ ሽሮፕና ኮምጣጤ ከቅቤ ጋር ቀላቅለው ሲያጠጡት ትን ብሎት ሊሞት ደረሰ። ደሙን ደጋግመው ቀዱት። ከሐኪሞቹ ወጣቱ አንገቱን ከፍተን አየር እናስገባ ብሎ ነበር፣ ትልልቆቹ አልተስማሙም። በዚያው ቀን ማታ ሞተ። ብዙ የዘመናችን ሐኪሞች ያችው የአየር ቧንቧ ክዳን ነበረች ይላሉ።

የዳማከሴዋን ጠርሙስ ሳስብ ነው የጻፍኩት፣ አትቀየሙኝ።

---

ነጭ ጋቢ — 4:41

ዳማከሴ ለምች ነው፣ ዳማከሴን አትሳደቡ። ግን የማይውጥ ሰው አይጠጣም፣ ይሄ እውነት ነው። ልጁ ደርሶ ይሆን?

---

እሙ ሁለት — 4:50

አሁን ፈራሁ። የኔዋ ልጅ ዛሬ ጉሮሮዬን ብላለች ትንሽ። አፏን በማንኪያ ከፍቼ አየሁት፣ ቀላ ብሏል። ይሄ ሁሉ በልጅም ይመጣል?

---

ተረኛ ነኝ — 5:02

እሙ፣ ይመጣል፣ ግን በልጅ ቶሎ ነው የሚገሠግሠው፤ መንገዷ ከመነሻው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ብዙውን ይዘጋዋል። አሁን ምን እያደረገች ነው? እየተጫወተች፣ እየጠጣች፣ ምራቋን እየዋጠች ከሆነ በዛሬው ማታ አላስቸኩልሽም። ነገ አሳዪያት።

የምትፈሪው ይሄን ነው። ጠዋት ደህና የነበረች ልጅ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቷ ይነድዳል፣ ዝም ትላለች፣ አገጯን ወደ ፊት አውጥታ በእጆቿ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ጥርስ የማታበቅል ልጅ ሆና ሳለ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አንገቷን ማዞር አትፈልግም። እንዲህ ካየሽ ማንኪያውን ወርውሪው። አፏን መክፈት፣ ማስለቀስ፣ በጀርባዋ ማስተኛት፣ እነዚህ ሦስቱ ጠቦ የነበረውን መንገድ ጨርሰው ሊዘጉት ይችላሉ። ታቅፈሻት ቁጭ እንዳለች ይዘሻት ሩጪ፤ ሐኪም ቤትም ከጭንሽ ላይ አያውርዷት፣ እስኪዘጋጁ ድረስ።

ክትባቷን ጨርሳለች? ያቺን የአየር ክዳን በልጆች ላይ ያሳብጥ የነበረውን ዋናውን ተዋሕስያን አምስት በአንድ የሚባለው ክትባት ይከላከለዋል፤ አገራችን የገባው 2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። እሱ ከመጣ ወዲህ ይሄን ዓይነቱን በልጅ ላይ እምብዛም አናይም። የቀሩ ሌሎች ምክንያቶች ግን አሉ፣ በጉሮሮ ጀርባ የሚቋጠር መግልም የሕፃናት ነው፤ ስለዚህ ተከትባለች ብለሽ ለሃጩን ችላ አትበዪ።

የማንኮራፋቷ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ስትተኛ ትንፋሿ ቆም የሚል ከሆነ ለአንገት በላይ ሐኪም አሳዪያት። ለብቻው ክር ክፈቺለት፣ እዚህ ይጠፋል።

---

እሙ ሁለት — 5:06

ካርቱን እያየች ወተት እየጠጣች ነው 😊 ካርዷ ሙሉ ነው። ማንኪያውን ግን ወረወርኩት።

---

የጣርማ በር ልጅ — ረቡዕ ጠዋት 4:15

ደህና ነው!! ተመስገን። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም፣ ልንገራችሁ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ያገኘነው ነርስ መጀመሪያ ቶንሲል ነው፣ አሞክሲሲሊን ይጨርስ ብሎ ሊመልሰን ነበር። ተረኛ የጻፈውን አስታውሼ አፉን እዩት፣ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚገባው፣ እንጥሉ ተገፍቷል አልኩት። ያን ጊዜ በመብራት አየውና ቶሎ ተነሣ። ሴፍትሪያክሶንና ለእብጠቱ ዴክሳሜታዞን ወጋው፣ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ ሪፈር ጻፈ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል ተባለ፣ በጎረቤታችን መኪና ቀጠልን። ዳገቱ ላይ ጉሙ ወፍራም ስለነበር በእግር ያህል ነው የወጣነው። ወንድሜ ግሉኮሱን እናቴ ከፍ አድርጋ ይዛለት ጎንበስ ብሎ እየተፋ ሄደ። መሿለኪያው ላይ ስንደርስ መቁነጥነጥ ጀምሮ ነበር፣ ያቺን የአንገት ጉድጓድ ስልኬን አብርቼ ሳይ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ 7 ሰዓት ከሌሊቱ አልፏል። ቁጭ እንዳለ ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ ነገር ረጩለት፣ ከዚያ በረጅም መርፌ እብጠቱን ወግተው ሳቡት። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፣ ሁለተኛ ትንሽ ወደ ላይ ሲወጉት ሲሪንጁ ሞላ። 8 ሚሊ ሊትር አሉ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ትንሽ ቆይቶ አፉን በሁለት ጣት ልክ ከፈተ። ውኃ አምጡልኝ ሲል ድምፁ የራሱ ነበረ፣ እናቴ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት ደግመው ሲወጉት 2 ሚሊ ወጣ። እስከ ዓርብ ይተኛል ብለዋል።

---

ነጭ ጋቢ — 4:22

እልልል። እናትሽን ሳሚልኝ።

---

ተረኛ ነኝ — 4:40

እንኳን ደስ ያላችሁ። ነርሱን አትቀየሙት፤ ማታ ብቻውን ሆኖ ስንት ቶንሲል አይቶ ይሆናል፣ ሲነገረው አይቷል። አንድ ጊዜ ወግተው ካልወጣ ደግሞ መሞከር የተለመደ ነው፣ በማግስቱ መድገምም እንደዚያው። በቀጣዮቹ ቀናት አንገቱ ከውጭ ማበጥ ከጀመረ ወይም ትኩሳቱ ከተመለሰ ከቤት አትጠብቁ።

---

ቡና ጠጪው — 5:03

ተመስገን። እኔ ትናንት መርፌ ወግታችሁ አስተኙት ብዬ ነበር፣ ባይሰሙኝ ይሻላል። አሁን ግን ቶንሲሉን ያስቆርጠው፣ በሐኪም ማለቴ ነው ነጭ ጋቢ እናቴ። ካልተቆረጠ ይመለስበታል።

---

ተረኛ ነኝ — 5:11

እሱ ላይ አንስማማም። አንድ ጊዜ የመጣበት ሰው ሁሉ አይመለስበትም፤ ብዙዎቹ ያለ ኦፕራሲዮን ይኖራሉ። ከዚህ በፊት ቶንሲል ይመላለስበት ነበር ወይ የሚለው ነው የሚወስነው።

---

ሻርጃ ነኝ — 5:19

እዚህ ያሉት ሐኪሞች ለጓደኛዬ ወዲያው ነው ያወጡላት፣ ከመግሉ ጋር በአንድ ጊዜ።

---

ተረኛ ነኝ — 5:24

እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ፣ ሳምንታት ጠብቀው የሚያወጡም አሉ። እኔ የሠራሁባቸው ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ይከራከሩበት ነበር። የጣርማ በር ልጅ፣ ዓርብ ከመውጣቱ በፊት ጠይቂያቸው።

---

የጣርማ በር ልጅ — 5:40

እጠይቃለሁ። ድሮ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይይዘው ነበር፣ ያንንም እነግራቸዋለሁ። አሁን ለብ ያለ አጥሚት እየጠጣ ነው። እናቴ ዳማከሴውን ለአጠገቡ ለተኛው በሽተኛ እናት ሰጠቻት፣ ምች መትቶታል ብላ።